ማንም ያልከለከላት ሴት

ኒውላንድ አርቸር ወጣት ጠበቃ ነው። ከጥሩ ቤተሰብ የተወለደ፣ ገንዘብ የማይቸግረው፣ ከለንደን አዳዲስ መጻሕፍት እያስመጣ የሚያነብ ሰው ነው። አንድ ማታ ከእራት በኋላ ከቤተሰቡ ወዳጅ ከሆኑ አንድ ሽማግሌ ጋር ሲጋራ እያጨሰ ሲጫወት፣ ከባሏ ሸሽታ ወደ አገሯ ስለተመለሰች አንዲት ሴት ወሬ ይነሣል። ሽማግሌው በሐሜት ቃና ሲያነሷት አርቸር ይቆጣል፤ ሴቶችም እንደ ወንዶቹ ነፃ መሆን አለባቸው ብሎ ይሟገታል። ብዙም ሳይቆይ ያችው ሴት ባሏን በሕግ ልትፈታ ስትነሣ፣ አግባብቶ ሐሳቧን የሚያስለውጣት ራሱ አርቸር ነው።

ይህ ታሪክ የሚገኘው አሜሪካዊቷ ኢዲት ዋርተን በ1920 ባሳተመችው «የንጽሕና ዘመን» በተባለው ልቦለድ ውስጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ የሚካሄደው ግን ከዚያ ሃምሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1870ዎቹ በኒውዮርክ ባለጸጎች መንደር ነው። መጽሐፉ በማግስቱ ዓመት የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ፤ ዋርተንም በልቦለድ ዘርፍ ይህን ሽልማት የተቀበለች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ስላለፈ ዘመን የተጻፈ ልቦለድ የሴቶችን ጠባብ ዕድል ሊያሳየን ሲፈልግ ብዙውን ጊዜ የከልካዩን ፊት ያሳየናል። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሰው ፊታውራሪ መሸሻን አይረሳም። ለልጃቸው የሚመጥን ዘር ጠፋ እያሉ ሰብለ ወንጌልን ያለ ባል ያስቀሯት አባት ስማቸው ይታወቃል፤ ቁጣቸውም ከሩቅ ይሰማል። በዋርተን ኒውዮርክ ግን የሚቆጣ አባት የለም። የሚደበድብ ባልም በመድረኩ ላይ አይወጣም፤ በር የሚቆልፍ ዘበኛም አይታይም። ሁሉም ጨዋ ነው፣ ሁሉም ያዝንላታል፣ ሁሉም ለእርሷ ደኅንነት ያስባል። ያም ሆኖ ሴቲቱ በመጨረሻ ከከተማው ተሸኝታ ትወጣለች። ይህ እንዴት እንደሚሆን አንድ በአንድ ማሳየት የዚህ መጽሐፍ ዋና ሥራ ነው።

ደራሲዋ ነገሩን በወሬ አላወቀችውም። በ1862 በዚያው በኒውዮርክ ባለጸጎች ማኅበረሰብ ውስጥ ተወለደች፤ በ1885 ከዚያው ደረጃ ከሆነ የቦስተን ሰው ጋር ተጋባች፤ በ1913 ፓሪስ ተቀምጣ ፍቺዋን አገኘች። ልቦለዱን የጻፈችው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፈረንሳይ ሳለች፣ ዕድሜዋ ወደ ስድሳ ሲጠጋ ነው። ስለዚህ የልጅነቷን ዓለም ሥርዓቱን ተምራ አድጋበት፣ ከዚያም ወጥታ ከውጭ በተመለከተች ሰው ዓይን ታየዋለች።

ሕጉ ሲፈቅድ፣ ሰው ሲከለክል

ከባሏ የሸሸችው ሴት ኤለን ኦሌንስካ ትባላለች። በልጅነቷ ወላጆቿን አጥታ ከአክስቷ ጋር አውሮፓን ስትዞር አደገች፤ ከዚያም አንድ ሀብታም የፖላንድ መኮንን አግብታ ኮንቴስ የሚል ማዕረግ አገኘች። ባሏ ግን ከሴት ወደ ሴት የሚሄድ፣ ትዳሩን ያዋረደ ሰው ሆነ። በመጨረሻም የባሏ ጸሐፊ ረድቷት ከቤቱ ጠፋች፤ በኋላም ወደ ኒውዮርክ ዘመዶቿ ተመለሰች። እዚያም ሁሉ ነገር ቀላል፣ ሰው ሁሉ ቅን መሰላት።

ዘመዶቿ መጀመሪያ ላይ አላሳፈሯትም። ለእርሷ ክብር ወደተጠራው እራት ከተማው አልመጣም ባለ ጊዜ፣ የአርቸር እናት ከቤተሰቦች ሁሉ በላይ ወደሚቆጠሩት ወደ ቫን ደር ላይደን ባልና ሚስት ሄደው አቤት አሉ። ባልና ሚስቱም ኤለንን በራሳቸው ገበታ ጋበዟት፤ ከዚያ ወዲያ እርሷን መናቅ እነርሱን መናቅ ሆነ። ይህን ያነበበ ሰው ቤተሰቡ ለእርሷ የቆመ ይመስለዋል። ነገር ግን የተሟገቱት ለራሳቸው ስም ነው። ኤለን በዘመድ ቤት የተጠጋች ምስኪን ሆና እስከኖረች ድረስ ማንም አይነካትም። በገዛ ስሟ የምትቆም ሴት ልሁን ስትል ነገሩ ይለወጣል።

ኤለን ፍቺ እንደምትፈልግ ስታሳውቅ ጉዳዩ አርቸር በሚሠራበት የጥብቅና ቢሮ ደረሰ። አለቃው ሌተርብሌር የወረቀቱን ጥቅል ለአርቸር ሰጡትና ኮንቴሷን እንዲያነጋግራት ጠየቁት። አርቸር በዚያን ጊዜ የኤለን የአክስት ልጅ ከሆነችው ከሜይ ዌላንድ ጋር ታጭቷል፤ ስለዚህ ነገሩ የጠበቃም የቤተ ዘመድም ጉዳይ ሆነበት።

በጊዜው የነበረው ሕግ ጠባብ ቢሆንም በሩ ፈጽሞ የተዘጋ አልነበረም። በኒውዮርክ ለፍቺ የሚበቃው ምክንያት ዝሙት ብቻ ነበር፤ ይህም እስከ 1966 ድረስ አልተለወጠም። የባልየውን ጠባይ ላወቀ ይህ ለኤለን አስቸጋሪ አይመስልም። አርቸር ራሱ ሕጉ ፍቺን እንደሚፈቅድ፣ የአገሩ ልማድ ግን እንደማይፈቅድ ይነግራታል። ችግሩ ያለው በጥቅሉ ውስጥ ባለ አንድ ደብዳቤ ላይ ነው። ባልየው ሚስቴ ከከሰሰችኝ እኔም የምለው አለኝ ብሎ በጸሐፊውና በእርሷ መካከል ነገር እንደነበረ የሚያስጠረጥር ጽፏል። ማስረጃ አላቀረበም፤ ማቅረብም አያስፈልገውም። የእርሱ መማገጥ ሁሉ የሚያውቀውና ማንንም የማያስደንቅ ነገር ነው። እርሷ ላይ ግን ጥርጣሬው ብቻ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ፍርዱ ተሰጥቷል።

ዋርተን ይህን ሚዛን አስቀድማ አሳይታናለች። አርቸር ራሱ ከጋብቻው በፊት ባለትዳር ከሆነች ሴት ጋር ምስጢራዊ ግንኙነት ነበረው። እናቱን የመሳሰሉ ሴቶች እንዲህ ያለውን ነገር በወንዱ በኩል ሞኝነት፣ በሴቷ በኩል ግን ወንጀል አድርገው እንደሚያዩት ተራኪዋ ትነግረናለች። ስለዚህ አርቸር የባልየውን ደብዳቤ ሲያነብ፣ እርሱን ያላስጠየቀው ድርጊት እርሷን ሊያጠፋት እንደሚችል ያውቃል። ይህን ግን ግፍ አድርጎ ከመቃወም ይልቅ እንደ አየር ጠባይ የማይለወጥ ነገር አድርጎ ይቀበለዋል።

ንግግራቸው በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ትዕይንቶች ሁሉ ደጋግሞ ሊነበብ የሚገባው ነው። አርቸር ይህን ሁሉ ሐሜት የሚመጥን ምን ታገኛለሽ ሲላት፣ መልሷ ነፃነቴን የሚል ነው። እርሱ ደግሞ አሁንስ ነፃ አይደለሽም ወይ የሚል ሰው ነው፤ ባሏ ከውቅያኖስ ማዶ ነው፣ ማን ይነካታል? ስለ ደብዳቤው እውነቱን በቀጥታ አይጠይቃትም። እርሷም አታስተባብልም። እርሱ ዝምታዋን እንደ ማመን ይቆጥረዋል፤ ከዚያም ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ጋዜጣ በልማድ የሚነገረውን ሁሉ ይደረድራል። እርሷም ጥቂት አስባ እሺ ትላለች። ማንም አላስፈራራትም፤ ማንም አልከለከላትም። ቅጣቱ የመጣው በኋላ ነው። ሁለቱ መዋደዳቸውን ሲረዱ፣ ይህን ፍቅር የማይቻል ያደረግኸው አንተው ነህ ብላ ታስታውሰዋለች። እርሷ ፍቺውን የተወችው እርሱና ሜይ ስማቸው እንዳይጎድፍ ብላ ነበር።

ቦርሳው በማን እጅ ነው?

በልቦለዱ ውስጥ ስለ ፍቅር የሚነገረው ብዙ ነው፤ የኤለንን ዕጣ የሚወስነው ግን በአብዛኛው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ኒውዮርክ በ1848 ያገባች ሴት የራሷን ንብረት እንድትይዝ የሚፈቅድ ሕግ አውጥታ ነበር። ኤለን ግን የተጋባችው አውሮፓ ውስጥ ነው፤ ሀብቷ በጋብቻው ውል ታስሮ በባሏ እጅ ቀርቷል። ሌተርብሌር ይህን ለአርቸር ሲያስረዱ ባልየው በፈቃዱ ከመለሰላት በቀር አንድም ብር እንደማታገኝ ይናገራሉ፤ እንዲያውም ሳንቲም ሳይሰጥ ሊያባርራት ይችል ስለነበር ቸርነት አድርጓል ይላሉ።

ስለዚህ ኤለን የምትኖረው ቤተሰቡ በሚቆርጥላት ተቆራጭ ነው። ባሏ በኋላ መልእክተኛ ልኮ ተመለሺ፣ ከገንዘብሽም አብዛኛውን እመልስልሻለሁ ሲላት፣ የሚጠይቃት አልፎ አልፎ እንግዳ ሲመጣ በገበታው ራስ እንድትቀመጥለት ነው። እርሷ እምቢ ትላለች። በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ ተቆራጩን ይቀንሳል። ይህን የሚያደርገው በቁጣ አይደለም፤ ሚስት ከባሏ ጋር ብትሆን ይሻላል በሚል የጋራ ስምምነት ነው። አርቸር ከዚህ ምክክር እንደተገለለ እንኳ የሚያውቀው ከቤተሰቡ ውጭ ከሆነ ሰው ነው። ኤለን እንድትመለስ ያዘዛት የለም፤ መቆየቱን ግን በየወሩ ከባድ ያደርጉባታል።

ከእርሷ አጠገብ ዋርተን አንዲት ሌላ ሴት አቁማለች። የኤለንና የሜይ አያት ወይዘሮ ሚንጎት በሃያ ስምንት ዓመታቸው ባል ሞቶባቸው፣ ሀብቱን በእጃቸው አስገብተው እንደ ልባቸው የኖሩ አሮጊት ናቸው። ሰው ሁሉ በሚኖርበት ሰፈር ሳይሆን ዳር ላይ ባዶ ሜዳ መሀል ቤት ሠሩ፤ ሴት ልጆቻቸውን ለባዕዳን ዳሩ፤ የፈለጉትን ተናገሩ። ከተማውም እያጉረመረመ ደጃቸውን ጠና። ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን ያየ አንባቢ የዚያን ዘመን ስሌት ራሱ ይደርስበታል። ሴት እንደ ልቧ ለመኖር ባሏ መሞት፣ ገንዘቡም መቅረት ነበረበት። ባሏ በሕይወት ያለ፣ ገንዘቧም በእጁ የሆነ ሴት የማንም ምክር አያድናትም። በመጨረሻ ኤለን ወደ ባሏ ሳትመለስ ፓሪስ ለብቻዋ እንድትኖር የሚያስችላትን ገንዘብ የምትሰጣት እኚሁ አያቷ ናቸው። የአንዷ ነፃነት ከሌላዋ ሴት ቦርሳ ወጣ።

አያት የሌላት ሴት ምን ትሆናለች ለሚል ሰው ዋርተን ቀደም ብላ መልስ ሰጥታለች። በ1905 ባሳተመችው «የደስታ ቤት» ውስጥ ሊሊ ባርት የተባለች ቆንጆ፣ በባለጸጎች መካከል ያደገች ነገር ግን ገንዘብ የሌላት ልጅ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ዝቅ እያለች ሄዳ ባርኔጣ ሰፊዎች ዘንድ ተቀጥራ ትሠራለች። ለመታየት እንጂ ለመሥራት አልሠለጠነችምና ያም አይሆንላትም።

ሜይ ምን ታውቅ ነበር?

አርቸር ስለ እጮኛው ስለ ሜይ ያለው አስተያየት ብልህ ይመስላል። ንጽሕናዋ በተፈጥሮ የመጣ ሳይሆን እናቶች፣ አክስቶችና አያቶች ተጋግዘው የሠሩት እንደሆነ ያውቃል። ዋሻ ውስጥ ስለሚኖሩ፣ ማየት ስለማያስፈልጋቸው ዓይናቸው ስለጠፋ ዓሦች ያነበበው ትዝ ይለዋል፤ ሜይን ዓይንሽን ግለጪ ብላትና የምታየው ባዶ ብቻ ቢሆንስ ብሎ ይሠጋል። አንባቢም ከእርሱ ጋር ይስማማል፤ ሜይ ነጭ ልብስ የለበሰች፣ ቀስት አሳምራ የምትወረውር፣ የራሷ ሐሳብ የሌላት ልጅ ትመስላለች። ዋርተን አንባቢውን የምትይዘው በዚህ ወጥመድ ነው።

ከሠርጉ በፊት አርቸር ፍሎሪዳ ድረስ ሄዶ ቀኑን እናፍጥነው ሲላት፣ ሜይ ለምን ቸኮልክ ትለዋለች። ሌላ ሴት ካለችህ፣ ለእርሷም ቃል ካለብህ፣ እኔ እንቅፋት አልሆንብህም ብላ ልትለቀው ትነሣለች። ያሰበችው ያቺን የቀድሞዋን ባለትዳር ሴት ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያወራውን እርሷም ሰምታ ኖሯል። አርቸር በድፍረቷ ይደነቃል፣ ይነካዋልም፤ ግን ያችው ሴት አይደለችም ሲል እፎይ ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ማየት ትችላለች ወይ ብሎ ሲሠጋባት የኖረው ልጅ አይታ ነገረችው፤ እርሱ ግን አላያትም።

ከተጋቡ በኋላ ሜይ እንዲህ ያለ ንግግር ደግማ አትሞክርም። ሌላ መንገድ ትይዛለች። አርቸር ቤቱን ጥሎ ኤለንን ሊከተል በቆረጠበት ሰሞን፣ ኤለን በድንገት ወደ አውሮፓ ልሄድ ነው ትላለች። የመሰነባበቻውን ታላቅ እራት የምትደግሰው ሜይ ናት፤ በትዳራቸው የመጀመሪያው ትልቅ ግብዣ ነው። አርቸር በገበታው ዙሪያ ያሉትን ደግ ፊቶች ሲመለከት፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች እርሱንና ኤለንን ውሽሞች ናቸው ብለው ከወራት በፊት እንደደመደሙ፣ ሚስቱም ከእነርሱ ጋር እንደሆነች፣ ግብዣውም ያለ አንድ ክፉ ቃል የተፈጸመ የመለያየት ሥርዓት እንደሆነ ይገባዋል። እንግዶቹ ሲሄዱ ሜይ ማርገዟን ትነግረዋለች። ለኤለን ነግረሻት ነበር ወይ ሲላት፣ አዎን፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ትላለች። በዚያን ጊዜ ግን ገና እርግጠኛ አልነበረችም።

በልቦለዱ ውስጥ ከሁሉ የሚልቀው ውሳኔ ይህ ነው፤ ሁለት ሴቶች ብቻቸውን ሆነው የተነጋገሩት ነው፤ እኛም አልሰማነውም። ሜይ መክሰስ፣ መጮህ፣ ባሏን መፈታት አትችልም፤ የእርሷ ዓለም ለሚስት የሰጣት መሣሪያ ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ አንዱን፣ ገና ያልተረጋገጠ እርግዝናን፣ በትክክለኛው ቀን ለትክክለኛዋ ሰው ነገረች። ኤለንም የሌላ ሴት ቤት ላይ መቆም ስላልፈለገች ሄደች። ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ ሜይን ተንኮለኛ ይላታል። ነገር ግን አርቸር በአንድ ውሳኔ ሁለቱንም ሴቶች ሊያዋርድ ሲል ሜይ ያላትን ብቸኛ መንገድ ተጠቀመች ማለትም ይቻላል። መጽሐፉ ሁለቱንም ንባብ ይሸከማል፤ የሚከለክለው ሜይ ምንም አታውቅም የሚለውን ብቻ ነው።

ያልገባንበት ቤት

የመጨረሻው ምዕራፍ ሃያ ስድስት ዓመት ይዘላል። ሜይ የታመመ ልጇን ስታስታምም የሳንባ በሽታ ይዟት ሞታለች፤ አርቸር የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው ሆኗል። የበኩር ልጁ ዳላስ የሚያገባት ፋኒ ቦፈርት የምትባል ልጅ ናት፤ አባቷ ባንኩ ከስሮ በውርደት ከከተማው የወጣ ሰው፣ እናቷም የቀድሞ ውሽማው ነበረች። በአባቱ ዘመን ይህ ጋብቻ ቤተሰብ ያፈርስ ነበር፤ አሁን ማንም ግድ አይሰጠውም። መጽሐፉ የታተመው የአሜሪካ ሴቶች በሕገ መንግሥት የመምረጥ መብት ካገኙ ከሁለት ወር በኋላ ነውና የ1920 አንባቢ በዚህ ንጽጽር ራሱን ሊያሞግስ ይችል ነበር። ዋርተን ያን ዕድል አትሰጠውም። ዳላስ ለአባቱ፣ እናቱ ከመሞቷ አንድ ቀን በፊት የነገረችውን ይነግረዋል፤ አባታችሁ አንድ ጊዜ ስጠይቀው ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገውን ነገር ትቶልኛልና ከእርሱ ጋር አትቸገሩም ብላ ነበር። አርቸር የሚመልሰው፣ ጠይቃኝ አታውቅም ብሎ ነው። ሜይ ዕድሜ ልኳን ሁሉን ታውቅ እንደነበር የሚረዳው እርሷ ካለፈች በኋላ፣ ከልጁ አፍ ሰምቶ ነው።

መጽሐፉ የራሱ ወሰን አለው። የሚያሳየን የአንድ ትንሽ መንደር ባለጸጎችን ነው፤ ቀሚሱን የሰፉትና ገበታውን ያነሡት ሴቶች በበር ገብተው በበር ይወጣሉ። የምናያቸውንም ሴቶች የምናየው በአንድ ወንድ ትከሻ ላይ ሆነን ነው። ይህን ሁለተኛውን ወሰን ደራሲዋ ሆን ብላ የመረጠችው ይመስለኛል፤ የሴቶቹን ጥበት ከምትነግረን ይልቅ፣ በቅን ልብ የሚያፈቅራቸው ሰው እንኳ ምን ያህሉን እንደማያየው በማሳየት ታስረዳናለች። በመጨረሻ አርቸር ከልጁ ጋር ፓሪስ ይሄዳል፤ ኤለን የምትኖርበት ሕንጻ ደጅ ድረስም ይደርሳል፤ ግን ልጁን ልኮ እርሱ ወደ ላይ ሳይወጣ ይቀራል። እርሱ ስላልወጣ እኛም አንገባም። ኤለን በእነዚያ ዓመታት ምን እንዳነበበች፣ ማንን እንደወደደች፣ ተጸጽታ እንደሆነ አናውቅም። የምናውቀው ለመለየት የከፈለችውን ዋጋና ወደ ባሏ እንዳልተመለሰች ነው። የቀረው ኑሮዋ የራሷ ነው፤ ዘመኗ ለእርሷ ቢጤ ሴት ካስቀመጣቸው ምርጫዎች መካከል ማንም ያልሰጣት፣ ራሷ ያወጣችው እርሱ ብቻ ነበር።